አራት መቶ ጌምና አንድ ወንዝ

አባቴ በዓመት ሁለት ጌም ይጨርሳል፤ ዓመቱ የደላው ከሆነ ሦስት። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል። አባቴ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በባቡር የመጨረሻው ፉርጎ ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ ባንዲራ ሲያውለበልብ የኖረ ጋርድ ነበር፤ ጡረታ ሲወጣም ዝምታውን ይዞት ወጣ። ጌም የለመደው የአክስቴ ልጅ ሻህሚር ለሥራ ወደ ሻርጃ ሲሄድ ማሽኑን እኛ ቤት ጥሎት ስለሄደ ነው።

ብቻውን ግን አይጫወትም። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት ሙኒብ ቃድሪ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ማክሰኞ ደግሞ ከምሳ በኋላ ይመጣሉ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ቻቻ፣ ማለትም አጎቴ፣ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ካቲብ ነበሩ። ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት የላሆር ጋዜጣ በእጅ ይጻፍ በነበረበት ዘመን፣ ከትልቁ ርዕስ እስከ ሙት ማስታወቂያው በሸምበቆ ብዕር የሚጽፉት እሳቸውና መሰሎቻቸው ነበሩ። እናም ሥራው የተከፋፈለ ነው፤ አባቴ ጆይስቲኩን ይይዛል፣ ቻቻ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ያነባሉ፣ መንገድ ይመራሉ፣ ይሳደባሉ። አባቴ መነጽሩን ለማንሳት እንኳ አይቸገርም፤ ማንበብ የቃድሪ ነው።

ባለፈው ዓመት በጥር የዓይን ሐኪሙ ለቻቻ ቁርጡን ነገራቸው። ግላኮማ ነው። ቀኝ ዓይናቸው ሄዷል፤ የግራው በጠብታ ተይዞ ጥቂት ይቆያል፣ ምናልባት ዓመት። ከሐኪም ቤት እንደተመለሱ በቀጥታ እኛ ቤት ገብተው ተቀመጡና ለአባቴ እንዲህ አሉት፤ «ጋርድ ሳሂብ፣ ዓይኔ ሳትጠፋ አንድ ረጅም ጌም ከዳር እስከ ዳር ማየት አለብኝ። የሚያምር ይሁን። ጥይት እንዳይኖርበት።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ለሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁት። ዙብዳ እባላለሁ፤ በሴቶች ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ሒሳብ የሚያስተምር ሰው አንድ መጥፎ አመል አለው፤ ቁጥር ካየ ልቡ ይደፈናል።

አባቴ ጌም የሚገዛው በሆል ሮድ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ካለው ከታብሬዝ ሱቅ ነበር። አሮጌ ዲስክ ይወስዳል፣ አራት አምስት ወር ይጫወትበታል፣ ሲጨርስ ይመልሳል፣ ትንሽ ጨምሮ ሌላ ይወስዳል። እኔ ግን የደንበኝነቱን ነገር ከአስተማሪዎች ክፍል ሰምቼ መጣሁ፤ ለዓመት አንዴ ከፍለህ ከዝርዝሩ ውስጥ ያሻህን እያወረድክ መጫወት።

«አባዬ፣ እስኪ ያስቡት» አልኩት። «ሁለት አዲስ ጌም በሚገዛበት ገንዘብ ዓመት ሙሉ አራት መቶ ጌም ያገኛሉ።»

«አዲስ መቼ ገዛሁ?»

«ይሁን። አራት መቶ እኮ ነው!»

«የምጨርሰው ሁለት ነው።»

«ታዲያ ሁለቱን ከአራት መቶ ይመርጣሉ!»

«መምረጥ ሥራ ነው» አለና ባዶ ስኒውን አነሳ።

ቻቻ ግን በእኔ ወገን ቆሙ። «ተይው ይሄን ስስታም። ልጄ፣ አምጪው። ሠርግ ቤት ተጠርቶ አንድ ሳህን ብቻ የሚበላ ሰው ነው።»

አመጣሁት። አካውንቱን ሻህሚር ድሮ ሲከፍተው አገራችን ከአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረች አሜሪካን መርጦ፣ ግብር የለበትም ብለው የመከሩትን የኦሪገንን አድራሻ ሞልቶበት ነበር። ክፍያውም በአሜሪካ ካርድ ነው የሚሞላው። ሰፈራችን ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው፤ ከሞጉልፑራ ሳይወጡ ኦሪገን የሚኖሩ ሰዎች ሞልተዋል። ቻቻ በዚህ አንድ ወር ሙሉ ሳቁ። በር ሲያንኳኩ «የኦሪገኑ ጋርድ አሉ?» ይሉ ነበር።

ከዚያ የሆነው ነገር ሒሳቤ ውስጥ አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ ከአንዱ ጌም ወደ አንዱ ሲዘሉ ከረሙ። አንዱን ይጀምራሉ፤ ቻቻ «ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ ቀጣዩን» ይላሉ። ሃያ ሦስት ጌም ተከፈተ፣ አንድም አልተጨረሰ። አባቴ በታብሬዝ ዲስክ ጊዜ ደስ ባይለውም ይታገሳል፤ ከፍሎበታላ። አሁን የሚያስታግሰው ነገር አልነበረም። የግራው ዓይን ደግሞ አይጠብቅም። እኔም ማታ ማታ ጥፋተኝነት ይሰማኝ ጀመር፤ ግን ተሳስቻለሁ ማለት የሞት ሞት ሆነብኝ።

በመጨረሻ የወንዙን ጌም አገኙት። ንግግር የለበትም። አንድ ጀልባ ቀዛፊ ከበረዶ ተራራ ሥር ተነስቶ፣ በአሥራ አራት ማረፊያዎች እያደረ፣ ወንዙን ተከትሎ ወደ ባሕር ይወርዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። አዙሪት አለ፣ ድንጋይ አለ፣ የሚሻገር ሰው አለ። ቻቻ የመጀመሪያውን ማረፊያ ሲያዩ «ይሄን። ባሕሩ ድረስ» አሉ።

ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ወረዱ። አባቴ ይቀዝፋል፣ ቻቻ ይጮሃሉ። ማረፊያ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። በአንዳንዱ ቀን መብራት ይጠፋና ጀልባዋ መሐል ወንዝ ላይ ትቀራለች፤ እነሱ ሻይ እየጠጡ ይጠብቃሉ። ቻቻ ወንበራቸውን በየወሩ ወደ ስክሪኑ ያስጠጉ ነበር። አዲስ ቦታ ሲደርሱ «ዋህ! ዋህ ዋህ!» ይላሉ፣ እኔም ከወጥ ቤት ሆኜ ደስ ይለኛል። አየሽ ዙብዳ፣ እላለሁ ለራሴ፣ ይኸው ሠራ።

ዘጠነኛው ማረፊያ ላይ በአንድ ዓርብ አባቴ ማሽኑን ሲከፍት በጌሙ ሥዕል ላይ ቁልፍ ተሥሎበት አገኘው።

«ዙብዳ!» ብሎ ተጣራ። አባቴ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ በዕድሜዬ ሦስት ጊዜ ነው የሰማሁት።

ስልኬን ከፍቼ አነበብኩ። ጌሙ ከዝርዝሩ ወጥቷል። የደንበኝነቱ ሕግ ነው፤ ጌሞች ይገባሉ፣ ጌሞች ይወጣሉ። የተከፈለው ለመግቢያው እንጂ ለጌሙ አይደለም። ከመውጣቱ በፊት «በቅርቡ ይወጣል» የሚል ማስታወቂያ ለሳምንታት ይለጠፋል ይላል።

«ለሳምንታት?» አልኩ። «ቻቻ፣ እርስዎ ሁሉን ያነባሉ፤ ይሄን አላዩትም?»

ቻቻ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ማስታወቂያ ማን ያነባል ልጄ። ሃያ ዓመት ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ በቃኝ።»

ሳቅን። አባቴ ግን አልሳቀም፤ ቁልፉን ብቻ ያይ ነበር። «የደረስንበትስ?» አለ።

«ሴቭ የተደረገው ማሽኑ ላይ አለ፣ አልጠፋም። ጌሙን ብቻ መግዛት ነው።» ይህን ስል ፊቴ ተቃጠለ። መጀመሪያውኑ አንድ ዲስክ ገዝተው ቢሆን ኖሮ ማንም ከእጃቸው አይወስደውም ነበር። አባቴ ይህን አላለም። ቢለው ይሻለኝ ነበር።

ሳልጠጣ ሳልበላ ሪክሾ ይዤ ሆል ሮድ ደረስኩ። ታብሬዝ አሮጌውን ዲስክ ከመደርደሪያው አወጣልኝ፤ ጫፉ የተሰነጠቀ ሳጥን፣ ጀርባው ላይ የዓረብኛ ጽሑፍ ያለበት።

«ባጂ፣ እህቴ፣ አካውንታችሁ የየት ነው?» አለኝ።

«የት ይሆናል? የሞጉልፑራ!»

«አይ፣ ማለቴ...»

«ታብሬዝ፣ ቸኩያለሁ። አንድ ዲስክ ለመሸጥ ልደታችንን ሁሉ ትጠይቃለህ እንዴ? ጠቅልልልኝ።»

ጠቀለለልኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእኔ ነው።

ቤት ስደርስ ሁለቱም ሳይነቃነቁ ጠብቀውኛል። ዲስኩ ገባ፣ ማሽኑ ጫነ፣ ሙዚቃው መጣ፣ የበረዶው ተራራ ታየ። «አዲስ ጀምር» የሚለው ያበራል። «ቀጥል» የሚለው ፈዝዟል። አባቴ ተጫነው፤ እንቢ አለ። ደግሞ ተጫነው።

ታብሬዝ ዘንድ ደወልኩ። በትዕግሥት ነው የመለሰልኝ፣ ትዕግሥቱ ደግሞ የበለጠ አሳፈረኝ። «ባጂ፣ ሲጫወቱት የነበረው የአሜሪካውን ቅጂ ነው፤ ዲስኩ የመካከለኛው ምሥራቅ ነው። ስማቸው አንድ ነው፣ ለማሽኑ ግን ሁለት ጌም ናቸው። የአንዱን ሴቭ ሌላው አያነበውም። ልጠይቅዎት የነበረው ይሄንን ነው።»

«መፍትሔ የለውም?»

«አለው እንጂ። የአሜሪካ ካርድ ልስጥዎ፣ በዚያው አካውንት ጌሙን ይግዙት። ካቆሙበት ይቀጥላል። ዋጋው ግን የዲስኩ አራት እጥፍ ነው። ካርዱም ማክሰኞ ነው የሚመጣልኝ።»

ለአባቴና ለቻቻ ነገርኳቸው። እስከ ማክሰኞ ታገሡኝ አልኩ። የሰው ዓይን ቀን እየተቆጠረላት እኔ በኩራቴ ዓመቱን በላሁባት።

ማክሰኞ ካርዱን በቦርሳዬ ይዤ ስመለስ ከግቢው በር የቻቻ ጩኸት ተቀበለኝ።

«ግራ! ግራ አልኩህ እኮ! ከጥቁሩ ድንጋይ ኋላ አዙሪት አለ፣ ረሳኸው? አሁን አሮጊቷ ትወጣለች፤ ቀይ ሻሽ አስራለች፣ ፍየሏ ነጭ ነች። አላልኩህም!»

ገባሁ። ከመጀመሪያው ጀምረውታል። ቻቻ ግን ስክሪኑ አጠገብ አልነበሩም። ወንበራቸውን ትተው ጥጉ ላይ ካለው ታክት፣ ከእንጨት አልጋው ላይ፣ ትራስ ተደግፈው፣ ብርቱካን ይልጣሉ። ዓይናቸው ተከድኗል። እንደዚያ ፊታቸው በርቶ ካየኋቸው ወራት አልፈዋል።

«ካርዱ መጣ!» አልኩ። «አሁኑኑ ወደ ዘጠነኛው መመለስ እንችላለን።»

አባቴ ጆይስቲኩን አስቀመጠ። «ተመስገን። ስጪኝ።»

«አይሆንም» አሉ ቻቻ።

«ምን አይሆንም?»

«ይሄ ይሻላል። ከመነሻው።»

«ቃድሪ፣ አምስት ማረፊያ ነው የቀረን። ጊዜ የለህም።»

«ጊዜው የኔ ነው አይደል? ቅዘፍ።»

አባቴ እኔን አየኝ፣ እኔ አባቴን አየሁ። አንዳንዴ ለሽማግሌ እሺ ማለት ነው። ካርዱን ሳልፍቀው ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ማረፊያዎች በሦስት ቀጠሮ ወረዱ። ቻቻ አንድም ድንጋይ አልሳቱም። ከታክቱ ላይ ሆነው የዛፉን ቅርጽ፣ የጭሱን አቅጣጫ፣ የልጆቹን ልብስ ቀለም ቀድመው ይናገሩ ነበር፤ አባቴ ደግሞ በእሳቸው ቃል እየተመራ ይቀዝፋል። ዕድሜውን ፊደል ሲስል የኖረ ሰው አንዴ ያየውን አይረሳም። እኔም የፈተና ወረቀት እያረምኩ አጠገባቸው መቀመጥ አበዛሁ።

ስድስተኛው ላይ ወንዙ ለሁለት ተከፈለ። አባቴ ጀልባዋን አቆመ። «በየት በኩል?»

ቻቻ ብርቱካናቸውን መላጥ ቀጠሉ።

«ቃድሪ፣ በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ።»

በቀኝ ሄደ፤ ጀልባዋ ከድንጋይ ጋር ተላተመች። ተመልሶ ቆመ። አሁን ስክሪኑን ትቶ ወደ ታክቱ ዞረ።

«ስድስተኛው ማረፊያ ላይ ምንድነው ያለው?»

ቻቻ ብርቱካኑን አስቀመጡት። «ድልድይ... የድንጋይ ድልድይ።»

«ድልድይ የለም። ዛፍ ነው። ያኔ 'ዋህ ዋህ' ብለህ ነበር።»

ብዕሬ እጄ ላይ ቀረ። ያ የተለጠፈ ማስታወቂያ፣ ያ ወደ ስክሪኑ የሚጠጋ ወንበር፣ ሁሉም ባንዴ ገባኝ። ቻቻ ማስታወቂያውን ንቀው አልነበረም ያላነበቡት።

«ከአምስተኛው በኋላ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የማየው» አሉ ቻቻ በቀስታ። «ሙዚቃው ሲቀየር አዲስ ቦታ መድረሳችንን አውቃለሁ፤ ያኔ ዋህ እላለሁ። ለዚህ ነው ካርዱን እንቢ ያልኩት ልጄ፤ ዘጠነኛው ላይ እኔ የለሁበትም። አምስቱ ግን እዚህ አሉ» ብለው ግንባራቸውን ነኩ። «ዲስክሽ ሳያስበው መለሰልኝ።»

«አራት ወር!» አለ አባቴ። «አራት ወር አጠገቤ ተቀምጠህ!»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር? ጆይስቲኩን ታስቀምጥና ዝም ትላለህ። ሁለታችን ተቀምጠን ዝም እንባባላለን። የምታወራ ሰው ብትሆን እኮ እነግርህ ነበር፣ ኢሽፋቅ።»

ጋርድ ሳሂብ አላሉትም፤ ስሙን ጠሩት። አባቴ ተነስቶ የሚወጣ መሰለኝ። እኔም እፈራ ነበር፤ እናቴ የሞተች ዕለት እንኳ ተነስቶ ወጥቶ ጣቢያ ሄዶ ነው የዋለው።

አልወጣም። መነጽሩን ከኪሱ አወጣ፣ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፣ አደረገው። ጆይስቲኩን አነሳና ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት በጋርድ መዝገብ ላይ ሲጽፍ በኖረበት ቋንቋ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመዘነ ጀመረ።

«ስድስተኛ ማረፊያ። ሰዓቱ ረፋድ። በግራ ዳር አንድ ዛፍ። ትልቅ። ሥሩ ውኃ ውስጥ ነው። ሰው ከቅርንጫፉ ላይ ጨርቆች አስሯል፤ ቢጫ አንድ፣ ሰማያዊ ሁለት...»

«ሁለት?» አሉ ቻቻ።

«ቆይ። ሦስት። አንዱ ተቀዶ ነው።»

ቻቻ ዓይናቸውን ከደኑ። «ቀጥል።»

ካርዱን ለታብሬዝ መለስኩለት። ደንበኝነቱም ጊዜው ሲያልቅ አላደስኩትም፤ አራት መቶውን ጌም ማንም አልጠየቀኝም። ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ እኔ ግን ድግሱን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ ብዬ አልዋሽም። እንዲያውም አባቴ ጥፋቴን በየሳምንቱ ያስታውሰኝ ነበር፤ አሁን መናገር ለምዷላ።

ባሕሩ የደረሱት በተከታዩ መጋቢት ነው፣ ዓርብ ከሰዓት። የቻቻ ግራ ዓይን በዚያን ጊዜ ጥላውንም አታይም ነበር። ሙዚቃው ተቀየረ። ቻቻ እጃቸውን ዘርግተው የአባቴን ጉልበት ፈለጉ።

«ምን አለ?»

«ውኃ» አለ አባቴ። «ማዶ የለውም።»

«ቀለሙስ?»

አባቴ አሰበ። «ያ የምትጽፍበት የጠርሙስ ቀለምህ አለ አይደል፤ ውኃ ስታበዛበት ወረቀቱ ላይ የሚሆነው። እሱ ነው። ጫፉ ላይ ግን እሳት አለው።»

ቻቻ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት እንባ ጢማቸው ውስጥ ገባ፤ አልጠረጉትም። አባቴም እያለቀሰ ነበር። ከዚያ መዝገቡን መዝጋት የለመደ ሰው ስለሆነ ወደ እኔ ዞር ብሎ እያየ ጨረሰ።

«አሥራ አራተኛ ማረፊያ። ደርሰናል። መዘግየት፣ ስድስት ወር። ምክንያት፣ ዙብዳ።»

«ምክንያቱን ሰርዘው» አሉ ቻቻ።

«ተጽፏል።»

«ሰርዘው አልኩህ፣ አንተ የኦሪገን ጋርድ! መቼ ዘገየን?»